ብዙ ንብረት፣ አንድ ዕጣ፦ ስለ ሀብት ስብጥርና ስለ መደራረብ ፍተሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ገንዘባቸውን በበርካታ ፈንዶችና አክሲዮኖች ላይ ያዋሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። የሁሉም መነሻ አንድ ስጋት ነው፦ በስም የተለያዩ ብዙ ነገሮችን ይዞ በክፉ ቀን ሁሉም በአንድነት ሲወርዱ ማየት።

አሥር የተለያዩ ፈንዶች አሉኝ። ሀብቴ ተሰባጥሯል ማለት አይቻልም?

አሥር የሚለው ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግርዎትም። ሀብትን ማሰባጠር ጥቅም የሚሰጠው አንዱ ንብረት ሲወርድ ሌላው ባለበት ሲቆይ፣ ሲጨምር ወይም ቢያንስ በሌላ ጊዜና በሌላ ምክንያት ሲወርድ ነው። አሥሩም ፈንዶች በአንድ ምክንያት የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ፣ እርስዎ የያዙት አሥር ስም ያለው አንድ ንብረት ነው።

ይህን በሒሳብ ቋንቋ አስተካክሎ ያስቀመጠው ሃሪ ማርኮዊትዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ጥናት በ1990 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአንድ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም አንድ ሰው በአንድነት የያዛቸው ንብረቶች ስብስብ፣ ስጋት የሚወሰነው እያንዳንዱ ንብረት ብቻውን በሚኖረው ስጋት ብቻ ሳይሆን፣ ንብረቶቹ ምን ያህል አብረው በመንቀሳቀሳቸው ጭምር ነው። የንብረቶቹ ብዛት ሲጨምር ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየበለጠ ይሄዳል።

አብሮ መንቀሳቀስ የሚለካው በምንድን ነው?

በተለምዶ የሚሠራበት መለኪያ ኮሪሌሽን ወይም የተዛምዶ መጠን የሚባለው ሲሆን፣ ከ-1 እስከ +1 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ሁለት ንብረቶች ፍጹም አብረው ሲንቀሳቀሱ 1፣ በመካከላቸው ቀጥተኛ ዝምድና ሲጠፋ 0፣ ፍጹም በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ደግሞ -1 ይሆናል። የአንድ አገር ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚገዙ ሁለት የአክሲዮን ፈንዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.9 በላይ መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ብዙ ንብረት መጨመር ስጋትን የማይቀንሰው ለምንድን ነው? በቁጥር ማሳየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገሩ ከሁሉም በላይ ግልጽ የሚሆነውም በቁጥር ነው። ቀለል ለማድረግ ሁሉም ንብረቶች እኩል ድርሻ አላቸው እንበል። የእያንዳንዱ ዓመታዊ የመዋዠቅ መጠን፣ ማለትም ተመላሹ ከአማካዩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚርቅበት የተለመደ ስፋት፣ 20 በመቶ ይሁን፤ በማናቸውም ሁለት ንብረቶች መካከል ያለው ተዛምዶም አንድ ዓይነት ይሁን። የጠቅላላው ፖርትፎሊዮ መዋዠቅ በሚከተለው ቀመር ይገኛል።

```
σp = σ × √( 1/n + (1 − 1/n) × ρ )
```

እዚህ ላይ `n` የንብረቶቹ ብዛት፣ `ρ` የተዛምዶው መጠን፣ `σ` የእያንዳንዱ ንብረት መዋዠቅ፣ `σp` ደግሞ የጠቅላላው መዋዠቅ ነው። ተዛምዶው 0.8 ከሆነ፣ አሥር ንብረት ቢይዙ መዋዠቁ ከ20 በመቶ ወደ 18.1 በመቶ ብቻ ይወርዳል። ንብረቶቹን መቶ ቢያደርሷቸው 17.9 በመቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሺህ ቢያደርሷቸውም ከ17.9 ዝቅ የሚል ቁጥር በተግባር አያገኙም፤ ምክንያቱም በቀመሩ ውስጥ `1/n` ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚቀረው `σ × √ρ` ነው፤ ይህንን ደግሞ የንብረት ብዛት አይነካውም።

አሁን በተቃራኒው ሁለት ንብረቶችን ብቻ እንውሰድ፤ በመካከላቸው ያለው ተዛምዶ ግን 0.2 ይሁን። የጠቅላላው መዋዠቅ 15.5 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ ንብረቶች መቶዎቹን በለጡ ማለት ነው። ለኔ ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ሊታወስ የሚገባው ይህ አንድ ንጽጽር ነው፤ ምክንያቱም «ምን ያህል ንብረት አለኝ?» የሚለውን ጥያቄ «ምን ያህል የተለያየ ምክንያት አለኝ?» ወደሚል ጥያቄ ይለውጠዋል።

ከዚሁ ቀመር «ውጤታማ ብዛት» የሚባለውን ማውጣትም ይቻላል፤ ይህም ፈጽሞ የማይዛመዱ ስንት ንብረቶች ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጡ እንደነበር የሚነግር ቁጥር ነው። ስሌቱ `n / (1 + (n − 1) × ρ)` ነው። ተዛምዷቸው 0.8 የሆነ አሥር ንብረቶች ውጤታማ ብዛታቸው 1.2 ብቻ ነው።

እንግዲያው 500 ኩባንያ ያለበት ፈንድ ጥቅም የለውም ማለት ነው?

እንደዚያ ማለት አይደለም። ሁለት ዓይነት ስጋቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የአንድ ኩባንያ ብቻ የሆነ ስጋት ነው፦ ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ ቢያጠፋ፣ ዋና ምርቱ ገበያ ቢያጣ፣ በፍርድ ቤት ቢረታ። ከ500 ኩባንያዎች አንዱ ይህ ቢደርስበት ጉዳቱ ከፈንዱ ጥቂቱን ብቻ ይነካል፤ ስለዚህ ብዛት በዚህ ረገድ በእርግጥ ይጠብቃል። ሁለተኛው ስጋት ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚመታው ነው፤ የወለድ መጠን መጨመር፣ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ፣ ወይም ባለሀብቶች ለአንድ ዘርፍ የሚከፍሉት ዋጋ በድንገት መውረድ። ከላይ በቀመሩ ውስጥ የማይጠፋው ክፍል ይኸው ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው የመጀመሪያውን ስጋት ያስወገደ ሰው ሁለተኛውንም ያስወገደ ሲመስለው፣ በዚያ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ፈንድ ሲጨምር ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ 500 ገደማ ትልልቅ ኩባንያዎች ዋጋ የሚለካበትን ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ የሚከተል ፈንድ ያለው ሰው «ጠቅላላ የአሜሪካ ገበያ» የሚባለውን ፈንድ ቢጨምር፣ በኢንዴክሱ ውስጥ ያሉት ኩባንያዎች ከጠቅላላው ገበያ ዋጋ 80 በመቶ ገደማ ስለሚይዙ፣ የገዛው በአብዛኛው ቀድሞ የነበረውን ነው።

መደራረብን እንዴት ልፈትሽ? ከየት ልጀምር?

ከይዞታ ዝርዝር ይጀምሩ። ፈንዶች የያዟቸውን አክሲዮኖችና የእያንዳንዱን ድርሻ በየጊዜው ይፋ ያደርጋሉ። በመግለጫው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹ አሥር ብቻ ስለሆኑ ሙሉውን ዝርዝር ማውረድ ያስፈልጋል። የሁለቱን ፈንዶች ኩባንያዎች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በአንደኛው ውስጥ ለሌለ ኩባንያ 0 ይጻፉ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ኩባንያ ከሁለቱ ድርሻዎች አነስተኛውን ወስደው ይደምሩ።

```
D2:    =MIN(B2,C2)
ድምር:  =SUM(D2:D600)
```

የሚገኘው ድምር ሁለቱ ፈንዶች በክብደት የሚጋሩት ክፍል ነው። ኩባንያዎቹን በስም ሳይሆን በ`ISIN` መለያ ቁጥር ማመሳሰል ይሻላል፤ ስም በተለያየ አጻጻፍ ሊመጣ ይችላልና። አንድ ኩባንያ ሁለት ዓይነት አክሲዮን ካለው ግን የ`ISIN` ቁጥሩም ሁለት ስለሚሆን በእጅ መደመር ይኖርብዎታል። አልፋቤት፣ የጉግል ባለቤት፣ በ`GOOGL` እና በ`GOOG` ሁለት ጊዜ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፈንድዎ ሌሎች ፈንዶችን የሚገዛ ከሆነም እነዚያን ከፍተው እስከ ኩባንያዎቹ ድረስ መውረድ አለብዎት፤ አለበለዚያ መደራረቡ ዜሮ መስሎ ይታያል።

በአንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?

100,000 በአራት ፈንዶች ላይ ያዋለ አንድ ሰው እንውሰድ፤ የገንዘቡ ዓይነት ለሒሳቡ ለውጥ አያመጣም። 40,000 ትልልቅ ኩባንያዎችን ሁሉ በሚይዝ ሰፊ ፈንድ፣ 30,000 በቴክኖሎጂ ፈንድ፣ 20,000 «ፈጣን ዕድገት» በሚባል ፈንድ፣ 10,000 ደግሞ ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ በሚከፍሉ ኩባንያዎች ፈንድ ላይ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ቢሆኑም አቀማመጣቸው በእውነተኛ ፖርትፎሊዮዎች ላይ የሚታየውን ይመስላል።

በመጀመሪያ ሰፊውን ፈንድና የቴክኖሎጂውን እናነጻጽር። ሦስት ታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሰፊው ፈንድ ውስጥ 7፣ 6 እና 5 በመቶ፣ በቴክኖሎጂው ውስጥ ደግሞ 18፣ 16 እና 14 በመቶ ድርሻ አላቸው። አነስተኞቹን ስንደምር 18 በመቶ እናገኛለን። የቀሩት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በሰፊው ፈንድ ውስጥ በድምሩ 12 በመቶ ስላላቸውና እዚያ ያላቸው ድርሻ በየአንዳንዳቸው አነስተኛው ስለሆነ፣ ጠቅላላ መደራረቡ 30 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «30 በመቶ ብዙ አይደለም» ብሎ ፍተሻውን ያቆማል፤ በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው በዚህ ቦታ ነው። መደራረቡ ከሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ገጽታ የለውም። ከሰፊው ፈንድ አንጻር ሲታይ የጋራ የሆነው 30 በመቶው ነው፤ ከቴክኖሎጂው ፈንድ አንጻር ሲታይ ግን ያሉት ኩባንያዎች በሙሉ በሰፊው ውስጥም አሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ፈንድ አንድም አዲስ ኩባንያ አላመጣም፤ ያደረገው ነገር ቀድሞ የነበረውን አንድ ክፍል ማክበድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አራቱንም ፈንዶች ከፍተን የአንድን ኩባንያ ጠቅላላ ድርሻ እናስላ። የመጀመሪያው ታላቅ ኩባንያ በዕድገቱ ፈንድ ውስጥ 12 በመቶ ይዟል፤ በትርፍ ድርሻው ፈንድ ውስጥ የለም። ከሰፊው ፈንድ 2,800፣ ከቴክኖሎጂው 5,400፣ ከዕድገቱ 2,400 ስንወስድ ድምሩ 10,600 ይሆናል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ያሉት የሚመስለው ባለሀብት ከገንዘቡ ከአሥር እጅ አንዱን የሚበልጥ በአንድ ኩባንያ ላይ አስቀምጧል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዕድገቱ ፈንድ ውስጥ 10 እና 9 በመቶ ከሆኑ፣ በተመሳሳይ ስሌት 9,200 እና 8,000 ይደርሳሉ፤ ሦስቱ በአንድነት 27,800 ናቸው።

በዘርፍ ስንመለከተው ደግሞ የቴክኖሎጂ ድርሻ በሰፊው ፈንድ 30፣ በቴክኖሎጂው 100፣ በዕድገቱ 60፣ በትርፍ ድርሻው 10 በመቶ ነው እንበል። በገንዘብ ሲሰላ 12,000፣ 30,000፣ 12,000 እና 1,000፣ በድምሩ 55,000 ይሆናል። ይህ ሰው በቴክኖሎጂ ላይ ያለኝ 30 በመቶ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ዘርፉ በ40 በመቶ ቢወርድና ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ የጠበቀው ኪሳራ 12,000 ሲሆን የሚደርስበት ግን 22,000 ነው።

በይዞታ የማይደራረቡ ፈንዶች ከሆኑ አበቃ?

አላበቃም። የአንድ አገር ባንኮችን የሚይዝ ፈንድና የሌላ አገር ባንኮችን የሚይዝ ፈንድ አንድም የጋራ ኩባንያ ሳይኖራቸው በአንድ ቀን ሊወርዱ ይችላሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ምክንያት አንድ ነውና። ስለዚህ ሁለተኛው ፍተሻ በተመላሾቹ መካከል ያለውን ተዛምዶ ማስላት ነው። የ60 ወራት ለውጥ ለማግኘት የእያንዳንዱን ፈንድ 61 የወር መጨረሻ ዋጋዎች ይሰብስቡ፤ የተከፈለ የትርፍ ድርሻ ካለ የተካተተበትን ዋጋ ይምረጡ፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ገንዘብ ያድርጉ። ከዚያም ዋጋውን ወደ ወርሃዊ ለውጥ ቀይረው በለውጦቹ ላይ ያስሉ። በሚከተለው ላይ ዋጋዎቹ በ`B` እና `C`፣ ለውጦቹ በ`E` እና `F` ዓምድ ላይ ናቸው።

```
E3:  =B3/B2-1
F3:  =C3/C2-1
H1:  =CORREL(E3:E62,F3:F62)
```

በዋጋው ላይ በቀጥታ ማስላት ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲያድጉ የኖሩ ሁለት ነገሮች ምንም ሳይዛመዱ፣ ሁለቱም ወደ ላይ ስለሄዱ ብቻ፣ ዋጋቸው ከ0.9 በላይ ተዛምዶ ሊያሳይ ይችላል። የሚፈለገው በየወሩ የሚደረገው ለውጥ አብሮ መሄድ አለመሄዱ ነው።

ተዛምዶው ስንት ሲሆን ነው የሚያሳስበው?

ቁርጥ ያለ ድንበር የለም። እንደ እኔ ከ0.8 በላይ የሆኑ ሁለት ፈንዶችን ለስጋት ስሌት እንደ አንድ ፈንድ መቁጠር ተገቢ ነው፤ ከ0.3 በታች የሆነ ግን ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ግምት መሆኑን አይርሱ። በ36 ወራት መረጃ 0.3 ያገኙ እንደሆነ፣ እውነተኛው መጠን ከ0 አካባቢ እስከ 0.57 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በ0.62 እና በ0.68 መካከል ባለው ልዩነት ላይ ውሳኔ መመሥረት ትርጉም የለውም።

በሰላሙ ጊዜ ተዛምዷቸው ዝቅተኛ የነበሩ ንብረቶች በቀውስ ጊዜስ?

ብዙዎቹ ያኔ ይቀራረባሉ፤ ከሁሉም የሚያሳምመውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ኢንዴክስ የትርፍ ድርሻን ጨምሮ በ37 በመቶ ገደማ ወረደ። በሌሎች የበለጸጉ አገሮችና በታዳጊ ገበያዎች አክሲዮኖች ራሳቸውን ያሰባጠሩ የመሰላቸው ሰዎች ከዚያ የባሰ ገጠማቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በ43፣ ሁለተኛዎቹ በ53 በመቶ ገደማ በዶላር ወርደዋል። በዚያ ዓመት የረዳው ሌላ አገር ሳይሆን ሌላ ዓይነት ንብረት ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ቦንዶች ዋጋ ጨምሯል።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «ቦንድ ሁልጊዜ ይጠብቃል» ማለትም ስህተት ነው። በ2022 የዋጋ ንረቱን ለመግታት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ መጠኑን ከዜሮ አካባቢ ተነሥቶ በዓመቱ መጨረሻ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው፤ አክሲዮኖች በ18፣ ሰፊው የአሜሪካ የቦንድ ኢንዴክስም በ13 በመቶ ገደማ ወረዱ። በ2008 ምክንያቱ የኢኮኖሚ መውደቅ ስለነበር ወለድ ወርዶ ቦንድ ተጠቀመ፤ በ2022 ምክንያቱ ራሱ የወለድ መጨመር ስለነበር ሁለቱንም መታ። ስለዚህ ከአማካይ ተዛምዶው ጎን ለጎን ፈንዶችዎ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ምን እንደሆኑ ለየብቻ ይመልከቱ፤ ፈንዱ ያኔ ካልነበረ እሱ የሚከተለውን ኢንዴክስ ይመልከቱ።

በገበያ ላይ በየቀኑ የማይሸጡ ንብረቶች ዝቅተኛ ተዛምዶ ያሳያሉ። እውነት ነው?

በከፊል ብቻ። ሕንፃ ወይም ለገበያ ያልቀረበ ኩባንያ ዋጋው የሚታወቀው በየሩብ ዓመቱ ወይም በየዓመቱ በሚደረግ ግምት ነው፤ ገማቹም ካለፈው ግምት ብዙ አይርቅም። በዚህ ምክንያት መዋዠቁም ተዛምዶውም ከእውነታው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ዋጋ አለመጠየቁን ዋጋ አለመውረድ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ምርመራውን በወር ሳይሆን በዓመት ተመላሾች ላይ ማድረግ ጥቂት ያቃናዋል፤ ከዚያ የተሻለው ግን የንብረቱ ገቢ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነው። ተከራዮቹ እርስዎ አክሲዮን ከያዙባቸው ኩባንያዎች ጋር በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ምንጭ ነው።

ግማሽ በግማሽ የሆነ ድርሻ ስጋቱንም በግማሽ ይከፍላል?

አይከፍልም። 60 በመቶ አክሲዮን፣ 40 በመቶ ቦንድ የያዘ ሰው ይኑር፤ የአክሲዮኑ መዋዠቅ 16፣ የቦንዱ 5 በመቶ፣ ተዛምዷቸውም 0 ይሁን። የእያንዳንዱ መዋጮ ድርሻውን በመዋዠቁ አባዝቶ ካሬ በማድረግ ይገኛል፤ ለአክሲዮኑ 9.6 ሲባዛ በራሱ 92፣ ለቦንዱ 2 ሲባዛ በራሱ 4 ገደማ ነው። ከጠቅላላው ስጋት 96 በመቶው የመጣው ከአክሲዮኑ ነው። በገንዘብ የተመጣጠነ ፖርትፎሊዮ በስጋት ያልተመጣጠነ ሊሆን ይችላል።

መደራረብ አገኘሁ። የተደራረቡትን ሁሉ ልሽጥ?

መደራረብ በራሱ ጥፋት አይደለም። አንድን ዘርፍ አውቀው ማክበድ የፈለጉ ከሆነ፣ ትክክለኛውን መጠን እስካወቁ ድረስ፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ሳያስቡት የመጣ ከሆነ ግን መፍትሔው ሌላ ፈንድ መጨመር ሳይሆን ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩት መካከል ወጪው አነስተኛ የሆነውን አስቀርቶ ሌላውን መቀነስ ነው፤ አራት ተመሳሳይ ፈንዶች የአንዱን ተመላሽ እየሰጡ የአራቱን ክፍያ ያስከፍላሉና። መሸጥ ግብር ወይም የመውጫ ክፍያ የሚያስከትል ከሆነ በመጀመሪያ አዲስ የሚያስገቡትን ገንዘብ የተደራረበው ወደሌለበት ክፍል ይምሩ፤ የሚከፈል የትርፍ ድርሻም ተመልሶ ወደዚያው ፈንድ እንዳይገባ ያድርጉ። በምሳሌው ላይ የነበረው ሰው አዲስ 20,000 ከቴክኖሎጂ ውጭ በሆነ ንብረት ላይ ቢያውል፣ ምንም ሳይሸጥ የቴክኖሎጂው ድርሻ ከ55 ወደ 46 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ፍተሻውን በየስንት ጊዜ ማድረግ ይገባል?

በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም አዲስ ፈንድ ከመግዛት በፊት በቂ ነው። የፈንዶች ይዞታ ያለ እርስዎ ውሳኔ ይለወጣል፤ ድርሻን በገበያ ዋጋ የሚመድብ ኢንዴክስ ውስጥ ዋጋው ከሌሎቹ በላይ የጨመረ ኩባንያ ድርሻው በራሱ ያድጋል። ምንም ሳይገዙና ሳይሸጡ በአንድ ኩባንያ ላይ ያለዎት ድርሻ ባለፈው ዓመት 6 የነበረው በዚህ ዓመት 9 በመቶ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።